ላም የማታልፍበት በር

እናቴን ሽማግሌ አስማማት፣ ቄስ ገዘተላት፣ ጎረቤት ባንክ አስያዘባት፣ ነጋዴ አጠረባት። እኔ ልጇ ደግሞ በከተማው የይዞታ ምዝገባ ክፍል ተቀጥሬ፣ ነገሩ አንድ በአንድ ሲፈጸም መዝገቡ አጠገብ ተቀምጬ አየሁት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ድምፄ ከፍ ካለ አንባቢ ይታገሠኝ። ዝቅ ለማድረግ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ከፊት የጎረቤታችን ግቢ አለ፣ ከኋላው የእናቴ። የእኛ የድሮ መውጫ በታች በኩል በወንዙ ዳር ነበር፣ ግን ጎርፍ በየክረምቱ እየበላ እየበላ ገደል አደረገው። ሰው በበጋ እየተንጠላጠለ ይወጣበታል። ላም ግን በበጋም አትወጣበትም፣ በክረምት ደግሞ ፍየልም ታስብበታለች። እናቴ የምትኖረው በላሞቿ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሦስት የፈረንጅ ላሞች እያለበች፣ ወተቱን ለአስተማሪዎች፣ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞችና ከመናኸሪያው አጠገብ ላለ ሻይ ቤት እየሸጠች እኔን አስተምራለች። ማንንም «እባክህ ስጠኝ» ብላ አታውቅም። ላሞቹ ካልወጡና ጭዱ በጋሪ ካልገባ እናቴ እናቴ አይደለችም። የዚህ ሁሉ ነገር ጉዳይ ይኸው ነው።

መውጫው ገደል ሲሆንባት ከፊት ካለው ጎረቤታችን ጋር ተስማማች። ሰውየው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እኔ «ጋሼ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህንን አሁንም እየተናደድኩ እመሰክራለሁ። የራሱን መኪና ሊገዛ እያሰበ ስለነበር ግቢው ውስጥ ማቆሚያ ፈለገ፣ ቦታው ግን ጠበበው። እናቴ ከግቢዋ ጥግ ቆርሳ ልትሰጠው፣ እሱ ደግሞ በአጥሩ ዳር ለጋሪና ለላም የሚሆን መተላለፊያ ለዘለቄታው ሊለቅላት ተነጋገሩ። ሦስት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን ተጠሩ። ወረቀት ተጻፈ፣ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፣ በመጨረሻም ቄሱ ተነሥተው መስቀላቸውን ይዘው «ይህንን ያፈረሰ ግዝት ይሁንበት» አሉ። ሁሉም አሜን አለ።

እኔ ያኔ ሥራ ከያዝኩ ብዙ አልቆየሁም። አሜኑ ሳይበርድ አፌን ከፈትኩ።

«አባ፣ ይፍቱኝ፣ ይህ ወረቀት እኛ ቢሮ መጥቶ ቢመዘገብ ጥሩ ነው። የመተላለፊያ መብት በጋሼ ይዞታ ላይ እንደ ግዴታ ሆኖ በመዝገብ ካልገባ፣ ነገ ቦታው ወደ ሌላ ሰው ቢዞር ያ ሰው አይገደድበትም።»

እውነቱን ለመናገር ጋሼ «ምን ችግር አለው፣ ሰኞ እሄዳለሁ» አለ። እምቢ ያለው እሱ አልነበረም።

«ሰምተሃል ልጄ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ጋሼ ዞረው፣ እኔን እንደሌለሁ ቆጥረው። «እኛ ሽበታችንን ይዘን ተቀምጠን፣ ካህን ገዝቶ፣ ይህች ልጅ ማኅተም ትጨምርበት ትላለች። ግዝቱ አነሰ ማለቷ ነው?»

«ኧረ እርስዎ እንዲህ አይበሉ» አለች እናቴ ቶሎ ብላ፣ ፊቷ ቀልቶ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺ! በግዝት የታሰረን ነገር በመንግሥት ማኅተም ልታስሪው? ሰውየው ነገ ይክደኛል ብዬ ነው ዛሬ አሜን ያልኩት? አፈርኩብሽ።»

የኛን አገር የማያውቅ ሰው ይህ ግትርነት ይመስለዋል። በግዝት የተዘጋ ነገር ላይ ማኅተም የጠየቀ ሰው ለመካድ ወይም ለመክሰስ እየተሰናዳ ነው ተብሎ ይታማል። የእናቴ እፍረት እውነተኛ ነበር። እኔን ግን አሁንም ያናድደኛል። ግዝት የሚፈራውን ያስራል፤ ባንክ ቤተ ክርስቲያን አይስምም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የተረቱት እኮ እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው! ለልጆቻቸው ይተርቱታል፣ ራሳቸው ሲቀመጡ ይረሱታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙልኝና ፍረዱ። የቀያሽ ቡድን ሰፈራችንን ለክቶ ለሁሉም አዲስ ካርታ ሊሰጥ መጣ። ጎረቤት ከጎረቤት ወሰኑን ያሳያል፣ ይፈርማል። እናቴ የቆረሰችውን ጥግ «የእሱ ነው» ብላ በጣቷ አሳየች፣ ፈረመችም፤ ቃሏ ነዋ። ጥጉ በጋሼ ካርታ ውስጥ ገባ። መተላለፊያውስ? ቀያሹ ጠየቀ። «እሱ በግዝት ያለቀ ነው፣ እናንተን አያስቸግርም» ተባለ። እኔ በዘመድ ጉዳይ እጄን እንዳላስገባ ተብሎ በሌላ ሰፈር ነበርኩ፤ ማታ ሰምቼ «መንገዱንም አስመዝግቢው» ብያት፣ አልሰማ ስትለኝ እንጀራውን ሳልበላ ተኛሁ። የሰጠችው ተመዘገበ፣ የተቀበለችው አልተመዘገበም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ንግድ የሚነግድ የኛ ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ መኪናውን የገዛው በባንክ ብድር ነው። ቤቱንና ይዞታውን በመያዣ ሰጠ። እኔ በዚያ ሰሞን ለምዝገባ ሥራ እርዳታ ደምበጫ ተልኬ ነበር። ስመለስ አጠገቤ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ «የጎረቤታችሁ ቦታ ለባንክ መያዣ ሆኖ ተመዘገበ» አለኝ፣ እንደ ምሥራች። ፋይሉን አወጣሁ። ባንኩ በደብዳቤ ጠይቋል፤ ቢሮው እዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጧል፤ የመያዣው ውል በመዝገብ ገብቷል። እኔ ቢሮ ብኖርም ማስቆም አልችልም ነበር፤ የማስቆምበት አንድ መስመር እንኳ መዝገቡ ላይ አልነበረም። ባልደረባዬ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ይህ ራሱ አናደደኝ፣ የምቆጣው ሰው እንኳ አላገኘሁም።

አንድ የምቆጣው ግን ተገኘ። ባንኩ ቤቱን እንዲገምት የላከው ባለሙያ በዚያው መተላለፊያ ሄዶ፣ ከላሞቹ ጎን አልፎ፣ እናቴ ዘንድ እርጎ ጠጥቶ ነበር! እናቴ ራሷ ነገረችኝ፣ «ጨዋ ልጅ ነው፣ እርጎውን አመሰገነ» ብላ። የላም ፋንዲያ በጫማው ይዞ ተመልሶ ግምቱ ላይ ስለ መተላለፊያ አንዲት ቃል አልጻፈም። በኋላ ስንጠይቅ መልሱ «የምንገምተው በካርታው ላይ ያለውን ነው» ሆነ። ዓይን ለምን እንደተሰጠው ቢነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ፋይሉን ባየሁበት ቀን እናቴ ጋ ሄድኩና ነገሩን አስረዳሁ። በመሬት ላይ ያሉ መብቶች እንደ ወረፋ ናቸው አልኳት። ወረፋው የሚቆጠረው መጀመሪያ በተስማማ ወይም በማለ ሰው አይደለም፤ መዝገብ ላይ መጀመሪያ በገባው ነው። ያልተመዘገበው ለተዋዋዮቹ ይሠራል፣ ጋሼ እስካለ ድረስ መንገዱን ሊከለክልሽ አይችልም፤ ለሦስተኛ ሰው ግን እንደሌለ ነው። አሁን ባንኩ ከፊት ቆሟል። ጋሼ ብድሩን ከከፈለ ምንም አይደለም። ካልከፈለ ባንኩ ቦታውን እንደያዘው አድርጎ ይሸጠዋል፣ ያንቺ መንገድ የሌለበት አድርጎ።

«እሱ ይከፍላል» አለች።

ጋሼ ሲሰማ ግን ደነገጠ። መጥቶ እናቴ እግር ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «እትየ፣ ባንኩ ሲጠይቀኝ ስለ መንገዱ መናገር አልመጣልኝም፣ የኔ እንጂ የነሱ ነገር አልመሰለኝም» አላት። ያን ጊዜ ግዝቱም ሽማግሌዎቹም ማኅተም ፈቀዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጋሼ ቢሮ መጥቶ ፈረመ። ቢሮው የባንኩን ሐሳብ ጠየቀ፤ ባንኩም መያዣው ቀዳሚ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ተቃውሞ እንደሌለው ጻፈ። መተላለፊያው ከመያዣው በታች፣ በሁለተኛ ተራ ተመዘገበ። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው። ሽማግሌዎቹ ጠላ ተጋበዙ። አንደኛው «ይኸው! ማኅተሙም ደረሰ፣ ምን ቀረ?» አሉኝ። ሁለተኛ ተራ መሆኑ ቀረ አልኳቸው። ሳቁ፤ ለቀልድ ያልኩት መሰላቸው።

ከዚያ መንገድ መዘጋት ጀመረ። የአገሩ መንገድ ማለቴ ነው። በዓባይ በረሃ የሚወርድ የሚወጣ መኪና ሁሉ ደጀን ላይ ሳምንት እየቆመ፣ ጭነት እየጠፋ፣ የጋሼ መኪና ጎማው እስኪለሰልስ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ፣ እናቴ ቆርሳ በሰጠችው ጥግ ላይ። ብድሩ ተጠራቀመበት። ባንኩ ማስጠንቀቂያ ላከ፣ ጊዜው አለፈ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው ራሱ የሐራጅ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሕጉ ለባንክ ይህን ሥልጣን ሰጥቶታል። ጋሼ ቤቱ በሐራጅ የተሸጠ ዕለት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደጀን ሄደ፤ አሁን የሰው መኪና እየነዳ ይኖራል። ሲሰናበተን እናቴ አልተቆጣችውም። እኔ ተቆጣሁ፣ ግን አንገቱን ደፍቶ ስላየሁት ቁጣዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ገዢው የደብረ ኤልያስ እህል ነጋዴ ነው። ቦታውን የገዛው እጅግ ንጹሕ አድርጎ ነው። ባንኩ የመያዣ መብቱን ተጠቅሞ ሲሸጥ፣ ከመያዣው በኋላ የገባው የእናቴ መተላለፊያ ከመዝገቡ ላይ ተሰረዘ። ሰውየው ወዲያው በብሎኬት አጠረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ አጥሩን አቁሞ ባለቤቱን የሚንቅ ሰው ግን ተረት አልተተረተለትም። ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ሄዱ። በትሕትና ተቀበላቸው፣ አስቀመጣቸው፣ «አባቶቼ፣ እኔ አልተገዘትኩም» ብሎ ሸኛቸው። ሰውየው ትክክል ነበር። እኔን ያበገነኝ ትክክል መሆኑ ነው።

ከሰስን። ጠበቃችን ሁለት ነገር ተከራከረ። መጀመሪያ፣ የሽማግሌዎቹ ውል ከመያዣው በፊት የተደረገ ነው፣ ባንኩም በባለሙያው ዓይን መንገዱን አይቷል አለ። ሽማግሌዎቹ ቀርበው መሰከሩ፣ ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች፣ በጥሞና አዳመጠቻቸው። ከዚያ ውሉ የተደረገበትን ቀን ማንም እንዳልካደ፣ የቀዳሚነት ጥያቄ የሚፈታው ግን በምዝገባ እንደሆነ፣ መተላለፊያውም ከመያዣው በኋላ ስለተመዘገበ በመያዣው መሠረት የገዛውን ሰው እንደማያስገድድ በዝርዝር አስረዳች። አንደኛው ሽማግሌ «እመቤቴ፣ እኛ ታዲያ ምን ነበርን?» ብለው ጠየቁ። «ምስክር ነበራችሁ አባቴ» አለቻቸው። እኔ አዳራሹ ውስጥ ተነሥቼ መጮህ አምሮኝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጮህ ግን አላወቅሁም። ዳኛዋ ያለችውን ሁሉ ከዓመታት በፊት እኔው እናቴ ግቢ ውስጥ ብዬው ነበርና።

ሁለተኛው ክርክር ሠራ፤ ለመሥራት ያህል። ወደ መንገድ መውጫ የሌለው ይዞታ ያለው ሰው፣ ውል ባይኖረውም፣ ካሳ ከፍሎ በጎረቤቱ ላይ መተላለፊያ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ከስምምነት ሳይሆን ከሕግ የሚመጣ መብት ነው። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ገደሉን አይቶ በክረምት ሰው እንደማይወጣበት ጻፈ። ፍርዱም መተላለፊያ ይሰጣት አለ፣ የቦታው አገልግሎት በሚፈልገው መጠን፣ ጎረቤቱንም በማይጎዳ መልኩ። የእናቴ ቦታ በመዝገብ የተጻፈው ለመኖሪያ ነው። ስለዚህ ለነዋሪ የሚበቃ ተሰጠ። ነጋዴው በአጥሩ ጥግ ጠባብ የብረት በር አበጀ፣ በሥርዓት፣ ፍርዱ እንዳለው። ሰው ያልፋል፣ ቀጭን ከሆነ ጀሪካንም ይዞ ያልፋል። ላም አታልፍም፣ ጋሪም አይገባም።

እናቴ በሩን መጀመሪያ ያየች ዕለት በወገቧ ለካችው። ከዚያ ወደ ላሞቹ ዞራ አየች። እኔ ግን ስለ ነጋዴው፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ራሷም ሳይቀር የማይባል ነገር ተናገርኩ። «ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አለችኝ። ማን እንዳይሰማን ነው ታዲያ ዝም የምንለው?

ላሞቹን በጥቅምት፣ ገደሉ ሲደርቅ አወጣናቸው። የሰፈር ሰው በገመድ ሳበ፣ ከኋላ ገፋ። ታላቂቱ ላም መሃል ላይ ተንበርክካ እንቢ አለች፤ እናቴ ወርዳ አንገቷን አቅፋ እየለመነች አስነሣቻት። ማዶ ገዢዎቻቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለወተት ማሰሮ ይዘው የሚመጡት ደንበኞች ለጥቂት ቀን በብረቱ በር እየሾለኩ መጡ፣ ባዶ እየተመለሱ ሲሰለቻቸው ቀሩ። እናቴን ጠዋት ጠዋት ያለ ሥራ ተቀምጣ ማየት አንጀቴን አቃጠለው።

በዚህ ዓመት ነጋዴው የኋላውን ቦታ ሽጪልኝ አላት። ጋሪ የማይገባበትን ቦታ ከእሱ በቀር ማን ይፈልገዋል? ዋጋውንም እሱ ነገራት። እናቴ ሳታማክረኝ ተስማማች። እኔ ያወቅሁት ቢሮዬ ስትመጣ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከሌላው ባለጉዳይ ጋር ወረፋ ይዛ፣ ተራዋ ሲደርስ በመስኮቱ በኩል «እዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ይጻፍልኝ» አለች። እንደ ማንኛውም ሰው። እንደ እንግዳ።

በዘመድ ጉዳይ መፈረም አልችልም። ፋይሏን ለባልደረባዬ አሻገርኩ። ገለጠው፣ መብትና ክልከላ የሚጻፍበትን ገጽ አየ፣ ምንም አልነበረበትም። «ንጹሕ ነው እማማ» አለ በቅንነት፣ ጽፎ አተመበት። ወረቀቱን ስሰጣት ጣቶቿ አሁንም የወተት ዕቃ ሲያጥቡ እንደኖሩ ሻካራ ናቸው። ወዲያው አልሄደችም።

«እንዲህ እንደሚሆን ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

ባለጉዳይ ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ በቢሮ፣ በእናቴ ላይ ጮኽኩ። «ነግሬሽ ነበር! በግዝቱ ቀን ነግሬሽ ነበር! ካርታው ሲለካ ነግሬሽ ነበር! ወረፋውንም አንድ በአንድ አስረድቼሽ ነበር! አፈርኩብሽ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ?»

ወረፋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«ነግረሽኛል» አለች ቀስ ብላ። «ግን እንደ መንግሥት ነው የነገርሽኝ። እንደ ልጄ ብታለቅሺብኝ ኖሮ ግዝቱንም እረግጥልሽ ነበር።»

ከዚያ ለኋላዋ ሰው ቦታ ለቀቀች። እኔ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራሁ።